ያልተነበቡት 97 ኢሜይሎች

ኦገስት 1 ቀን 2012 እ.ኤ.አ. ማለዳ ላይ፣ ናይት ካፒታል በተባለው የአሜሪካ አክሲዮን አገበያይ ኩባንያ ውስጥ ለተወሰኑ ሠራተኞች አንድ ዓይነት ኢሜይል እየተደጋገመ ይደርሳቸው ጀመር። የመጀመሪያው የገባው በኒውዮርክ ሰዓት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ገደማ ነበር። ገበያው የሚከፈተው 3 ሰዓት ተኩል ላይ በመሆኑ ነገሩን ለማጣራት ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ ነበረ። ገበያው እስኪከፈት ድረስ 97 ኢሜይሎች ገቡ። ሁሉም የሚናገሩት ስለ አንድ ስህተት ሲሆን፣ ተከታትሎ እርምጃ የወሰደ ሰው ግን አልነበረም።

ኩባንያው በዚያ ቀን ለሚጀመር አዲስ የግብይት ፕሮግራም ሲል በስምንት ሰርቨሮች ላይ አዲስ ሶፍትዌር ሲጭን አንዷን ዘንግቷት ነበር። በተዘነጋችው ሰርቨር ውስጥ ለዓመታት ያልተሠራበት አሮጌ ኮድ ተቀምጧል። ገበያው ሲከፈት አዲሶቹ ትዕዛዞች ያንን ኮድ ቀሰቀሱት፤ እሱም የተሰጠው ትዕዛዝ መሟላቱን ሳያውቅ ያለማቋረጥ ይገዛና ይሸጥ ገባ። በ45 ደቂቃ ውስጥ ከደንበኞች የመጡ 212 ትዕዛዞች ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይቶች ሆነው አረፉ። ኪሳራው ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደረሰ። ኩባንያው በባለሀብቶች ገንዘብ ለጊዜው ቢተርፍም በዓመቱ ከሌላ ድርጅት ጋር ተዋሕዶ ራሱን ችሎ መቆሙ አበቃ።

የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን በ2013 12 ሚሊዮን ዶላር ሲቀጣው፣ ስለ ኢሜይሎቹ የጻፈው ጥቂት መስመር ብቻ ነው። መልእክቶቹ ከመነሻው እንደ ማስጠንቀቂያ ታስበው የተዘጋጁ አልነበሩም፤ ሠራተኞቹም ሲደርሷቸው የማየት ልማድ አልነበራቸውም ይላል። ይህን ያነበበ ሰው ሠራተኞቹን ለመውቀስ ይቸኩል ይሆናል። ሆኖም ኢሜይሎቹ አጣዳፊ መሆናቸውን የሚናገር ምልክት የላቸውም፤ የማን ኃላፊነት እንደሆኑ አይገልጹም፤ ከሌላው የዕለት ኢሜይል ክምርም የሚለያቸው ነገር የለም። ማሽኑ የሚጠበቅበትን አድርሷል። የጎደለው በማሽኑና በሰው መካከል ያለው ስምምነት ነው።

ይህ ስምምነት ዛሬ የትልልቅ ኩባንያዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሦስትና አራት ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት ሽያጩን፣ ክፍያውን፣ ካሜራውን፣ የማቀዝቀዣውን ሙቀት የሚከታተሉ መሣሪያዎችን በቀላል ዋጋ መግጠም ይችላል። መሣሪያዎቹ ደግሞ ሁሉንም ነገር ለአንድ የቴሌግራም ግሩፕ መላክ ይወዳሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ግሩፑን ሁሉም ያነባል። በሁለተኛው ወር ባለቤቱ ድምፁን ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ ግሩፑ አለ፣ መልእክቱም ይገባል፤ ክትትል ግን የለም።

ነገሩን በአንድ ምናባዊ ድርጅት ላይ አስቀምጦ ማየት ይቀላል። አዲስ አበባ ውስጥ ስድስት ቅርንጫፍ ያለው ፋርማሲ አለ እንበል። በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ የሽያጭ ኮምፒውተር፣ የኢንተርኔት ራውተር፣ ካሜራ፣ የካርድ መክፈያ ማሽን፣ ዩፒኤስና ኢንሱሊን የሚቀመጥበት ፍሪጅ አሉ፤ ስድስቱም ክትትል ይደረግባቸዋል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ በአንድ ሰፈር መብራት ሲጠፋ ሁለት ቅርንጫፎች ይጨልማሉ። ስድስት መሣሪያ በሁለት ቅርንጫፍ ሲባዛ 12 «ጠፋ» የሚል መልእክት ነው። መብራቱ ሲመለስ 12 «ተመለሰ» ይጨመራል። መብራቱ እንደ ልማዱ ሦስት ጊዜ ሄድ መለስ ካለ ቁጥሩ 72 ይደርሳል። ከ72ቱ መካከል ሰው ከአልጋው ሊያስነሳ የሚገባው አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው።

የመጀመሪያው ሥራ መልእክቶቹን በክብደታቸው መለየት ነው። ብዙ ሶፍትዌሮች አምስትና ስድስት ደረጃ ያቀርባሉ፤ ለእንዲህ ያለ ድርጅት ግን ሦስቱ ይበቃሉ፣ እንዲያውም ከሦስት በላይ የሆነው ለክርክር ብቻ ይጠቅማል። አንደኛው «ቀስቃሽ» ነው፦ ስልክ ይደውላል፣ ሌሊትም ቢሆን ሰው ያስነሳል። ሁለተኛው «የቀን» ነው፦ በሥራ ሰዓት ዛሬውኑ መታየት አለበት። ሦስተኛው «የመዝገብ» ነው፦ ለማንም አይላክም፣ የፈለገ ሰው ገብቶ ያየዋል። መለያው ጥያቄ አንድ ነው፦ እስከ ጠዋት ማንም ምንም ባያደርግ ምን ይጠፋል? ካሜራው ቢጠፋ የሚቀረው የአንድ ሌሊት ቀረጻ ነው። የሽያጭ ኮምፒውተሩ ሌሊት ቢዘጋ ሱቁም ዝግ ስለሆነ ምንም አይጎዳም፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ቢዘጋ ግን ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። ስለዚህ የአንድ ጥፋት ክብደት በመሣሪያው ዋጋ ሳይሆን በሰዓቱና በሚያስከትለው ጉዳት ይለካል።

ፍሪጁ ላይ ሲደረስ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ሙቀት ነው። ክትትል የሚገጥም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱን ዳር እኩል አድርጎ «ከ2 ቢያንስ ወይም ከ8 ቢበልጥ አሳውቅ» ብሎ ይጽፋል። ሁለቱ ግን እኩል አይደሉም። ብዙዎቹ የኢንሱሊን ዓይነቶች በክፍል ሙቀት ለአራት ሳምንት ያህል ሊቆዩ እንደሚችሉ በአምራቾቹ መመሪያ ላይ ተጽፏል። አንዴ የበረደና በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ግን ቢቀልጥም ይጣላል እንጂ አይሸጥም። እንግዲህ 9 ዲግሪ ያለው ፍሪጅ መመዝገብና መስተካከል ያለበት ቢሆንም የሰዓታት ፋታ ይሰጣል። የሙቀት መቆጣጠሪያው ተበላሽቶ ወደ 1 ዲግሪ እየወረደ ያለው ፍሪጅ ግን ያን ያህል ፋታ የለውም። ልምድ ያለው ሰው ታችኛውን ዳር «ቀስቃሽ»፣ ላይኛውን ዳር ደግሞ መጀመሪያ «የቀን»፣ ከሰዓታት በኋላ «ቀስቃሽ» አድርጎ ይተክላል።

ሌላም ነገር አለ። የፍሪጁ በር በተከፈተ ቁጥር በውስጡ ያለው አየር ወዲያው ይሞቃል፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው መድኃኒት ግን ብዙም አይለወጥም። ሙቀት መለኪያው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ከሆነ ፋርማሲስቱ በቀን ሠላሳ ጊዜ በር ሲከፍት ሠላሳ ማስጠንቀቂያ ይላካል። መለኪያውን ግላይኮል በተሞላ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ሲያስቀምጡት የሚለካው የአየሩን ሳይሆን የመድኃኒቱን ዓይነት ሙቀት ይሆናል። በዚያ ላይ «ለ15 ደቂቃ ሳያቋርጥ ከ8 በላይ ከቆየ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ሲጨመርበት የበሩ መክፈትና መዝጋት የሚያመጣው ጫጫታ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ሰዎች ሶፍትዌሩን የሚወቅሱበት ድካም መነሻው እንዲህ ያለ የመለኪያ አቀማመጥ ነው።

የክፍያ ክትትልም የራሱ ወጥመድ አለው። «ከክፍያዎች 20 በመቶው ሲከሽፍ አሳውቅ» የሚለው ደንብ ቀን ላይ ደኅና ይሠራል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተረኛ የሆነችው ቅርንጫፍ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ክፍያ ብቻ አስተናግዳ አንደኛው ደንበኛ የሚስጥር ቁጥሩን ቢሳሳት ግን ክሽፈቱ 50 በመቶ ሆነና ስልክ ጮኸ። መፍትሔው ከመቶኛው ጎን ቁጥር ማስቀመጥ ነው፦ ቢያንስ አሥር ክፍያ ተሞክሮ ከሆነ ብቻ ይቁጠር። የሽያጭ መውደቅን የሚከታተሉ ደግሞ የዘመን መቁጠሪያ ይቸግራቸዋል። የዛሬን ሽያጭ ካለፈው ሳምንት ተመሳሳይ ቀን ጋር የሚያነጻጽር ደንብ ሥጋና ወተት በሚሸጥ መደብር ውስጥ ዐቢይ ጾም በገባበት ሰኞ እሪ ይላል፤ በፋሲካ ማግሥት ደግሞ «ያልተለመደ ጭማሪ» ብሎ ይደውላል። ሶፍትዌሩን የሠሩት ሰዎች ስለ ሁዳዴ አያውቁም፤ ማሳወቅ የባለቤቱ ድርሻ ነው።

ክብደት ከተለየ በኋላ የሚመጣው ማሰባሰብ ነው። በዚያች የመብራት ሌሊት የነበሩት 12 መልእክቶች በእውነቱ የሚናገሩት ስለ ሁለት ነገር ነው፦ «ይህ ቅርንጫፍ ጨልሟል» እና «ያኛውም ጨልሟል»። ፕሮሜቴየስ ከሚባለው በነጻ የሚገኝ የክትትል ሶፍትዌር ጋር የሚሠራው አለርትማኔጀር ለዚህ ቀላል ዘዴ አለው። መልእክት ሲመጣለት ወዲያው አይልከውም፤ ጥቂት ይጠብቅና በዚያ ጊዜ ውስጥ የመጡትን የአንድ ቅርንጫፍ መልእክቶች በአንድ ላይ ጠቅልሎ ይልካል።

```
route:
  group_by: ['branch']
  group_wait: 30s
  group_interval: 5m
  repeat_interval: 4h
```

የመጀመሪያው መስመር በቅርንጫፍ ሰብስብ ይላል። ሁለተኛው ለ30 ሰከንድ ጠብቅ ማለት ነው። ሦስተኛው በዚያው ጥቅል ላይ አዲስ ነገር ከተጨመረ ከአምስት ደቂቃ በፊት አትላክ ይላል፤ የመጨረሻው ደግሞ ምንም ሳይለወጥ ከቀጠለ በየአራት ሰዓቱ አስታውስ ማለት ነው። እዚህ ላይ ዋናው ምርጫ በምን ይሰብሰብ የሚለው ነው። በመሣሪያ ዓይነት ቢሰበሰብ «ስድስት ካሜራዎች ጠፍተዋል» የሚል ጥቅል ይመጣል፤ ይህ ለካሜራ ሻጩ ይጠቅም ይሆናል እንጂ ሌሊት ተነስቶ ወደ አንድ ቦታ መሄድ ላለበት ሰው አይረዳም። ሰው የሚሄደው ወደ ቅርንጫፍ ስለሆነ ጥቅሉም በቅርንጫፍ ይሁን።

ይሁንና ማሰባሰብ የሚደብቀውም ነገር አለ። «ቦሌ ቅርንጫፍ፦ 6 ማስጠንቀቂያዎች» የሚል ርእስ የደረሰው ሰው ከስድስቱ አንዱ ስለ ፍሪጁ መሆኑን ሳይከፍት አያውቅም። ስለዚህ ጥቅሉ ስሙን ከውስጡ ካለው ከባዱ መልእክት መውሰድ አለበት፦ «ቦሌ፦ ፍሪጅ 1.4 ዲግሪ፣ ሌሎች 5»። ቀስቃሽ የሆነው መልእክት ደግሞ ጨርሶ በጥቅል ውስጥ ባይገባና በራሱ መንገድ ቢሄድ ይሻላል።

ከዚህ የባሰ ወጥመድ ያለው ማፈን በሚባለው ዘዴ ውስጥ ነው። ማፈን ማለት ትልቁ ችግር ሲታወቅ ትንንሾቹን ዝም ማሰኘት ነው፤ ራውተሩ ከጠፋ በእሱ በኩል የሚገናኙት መሣሪያዎች ሁሉ «ጠፋ» ማለታቸው አዲስ ነገር ስላልሆነ አይላኩ ይባላል። ለካሜራውና ለካርድ ማሽኑ ይህ ትክክል ነው። ለፍሪጁ ግን አይደለም። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁ ይቆማል፤ ራውተሩም ይጠፋል፤ የፍሪጁ መለኪያ በራውተሩ በኩል የሚልክ ከሆነ እሱም ዝም ይላል። በሌላ አነጋገር ክትትሉ በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ይቋረጣል፤ ሲስተሙም ዝምታውን እንደ ደኅንነት ይቆጥረዋል። የሚያዋጣው ሁለት ነገር ማድረግ ነው። አንደኛ የፍሪጁ መለኪያ ባትሪና የራሱ ሲም ካርድ ቢኖረው ከራውተሩ ጥገኝነት ይወጣል። ሁለተኛ መለኪያው ለ40 ደቂቃ ምንም ካልላከ ያ ዝምታ ራሱ «ቀስቃሽ» መልእክት ይሁን። ደቂቃው የሚወሰነው ፍሪጁ ተዘግቶ ሳለ ያለ መብራት ሙቀቱን ስንት ጊዜ እንደሚይዝ በአንድ የእረፍት ቀን ባዶውን ነቅሎ በመሞከር ነው።

የዝምታ ሰዓት የሚባለው፣ ማለትም ቀላል መልእክቶች ሌሊት እንዳይላኩ የሚታገዱበት ጊዜ፣ ላይ ላዩን ሲያዩት ከሁሉም የቀለለ ይመስላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ከቀስቃሹ በቀር ምንም አይላክ ብሎ መጻፍ ነው። ችግሩ ማሽኑ ሰዓት የሚቆጥርበት መንገድ ነው። ባለቤቱ በአገሩ አቆጣጠር «4:00» እና «12:00» ብሎ ቢሞላ ሲስተሙ የሚረዳው ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ እኩለ ቀን አድርጎ ነው፤ ግማሹ የሥራ ቀን በዝምታ ያልፋል። በውጭ አቆጣጠር አስተካክሎ «22:00» እና «06:00» ቢልም ገና አልጨረሰም። ብዙ ሰርቨሮች የሚሠሩት በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ነው፤ እሱ ደግሞ ከአዲስ አበባ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ የቀረ ነው። ያኔ ዝምታው የሚጀምረው ከሌሊቱ 7 ሰዓት፣ የሚያበቃው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሆናል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ስልኩ በማይረባ ነገር ይጮኻል፤ ፋርማሲው ተከፍቶ ደንበኛ በተሰለፈበት ማለዳ ደግሞ ዝም ይላል። በአለርትማኔጀር ውስጥ ትክክለኛው አጻጻፍ እንዲህ ነው፦

```
time_intervals:
  - name: lelit
    time_intervals:
      - times:
          - start_time: "22:00"
            end_time: "24:00"
          - start_time: "00:00"
            end_time: "06:00"
        location: "Africa/Addis_Ababa"
```

ሌሊቱ ለሁለት የተከፈለው ሶፍትዌሩ እኩለ ሌሊትን የሚያቋርጥ ሰዓት ስለማይቀበል ነው። የመጨረሻው መስመር ከተረሳ ከላይ የተባለው የሦስት ሰዓት መዛነፍ ይመጣል።

የታገደው መልእክት የት እንደሚሄድም መታወቅ አለበት። በዚህ ሶፍትዌር ሌሊት የጀመረ ችግር ጠዋት 12 ሰዓት ላይም ካለ ያን ጊዜ ይላካል። ሌሊት ጀምሮ ሌሊቱን ያበቃ ከሆነ ግን ማንም ሳይሰማው ያልፋል። በየሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ወደ 10 ዲግሪ ወጥቶ ንጋት ላይ የሚመለስ ፍሪጅ ለወራት እንዲህ ተሸሽጎ ሊቆይ ይችላል። መድኃኒቱን በአንዴ ባያበላሸውም መጭመቂያው ሊሞት መቃረቡን የሚናገረው ይኸው ምልክት ነው። ስለዚህ ጠዋት ለሥራ አስኪያጁ የሚቀርበው የአንድ ገጽ ማጠቃለያ ከተላኩት መልእክቶች ሳይሆን ከመለኪያው መዝገብ መውጣት አለበት፤ የየፍሪጁ የሌሊት ከፍተኛና ዝቅተኛ ሙቀት ሁለት ቁጥር ብቻ ነው፣ ለማንበብ ደቂቃ አይፈጅም።

ከዝምታ ሰዓት ጨርሶ ነጻ መሆን ያለበት አንድ ዘርፍ አለ፤ እሱም ገንዘብ የሚወጣበት በር ነው። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. አርብ ለቅዳሜ ሌሊት በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በተፈጠረ የሲስተም ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ውስጥ ካለው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ አገልግሎቱን እስኪያቆም ሰዓታት አለፉ፤ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ብርም ወጣ፤ ባንኩም ገንዘቡን ለማስመለስ ሳምንታት ደከመ። ለፋርማሲው ይህ ማለት፣ ከተዘጋ በኋላ የተመዘገበ የገንዘብ ተመላሽ ወይም የዋጋ ለውጥ ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ሌሊት መደወል አለበት ማለት ነው። ዝግ በሆነ ሱቅ ውስጥ ሒሳብ የሚያንቀሳቅስ ሰው የለምና።

ቀስቃሹ መልእክት ተልኳል እንበል። ማን ያነሳል? «ሁሉም ያየዋል» የሚባለው ግሩፕ በተግባር ማንም የማያየው ነው፤ እያንዳንዱ ሌላው ሳያየው አይቀርም ብሎ ይተኛል። ጥሪው በስም ለተወሰነ አንድ ተረኛ መሄድ አለበት። ተረኛው በስልኩ ላይ «ተቀብያለሁ» የሚለውን ካልነካ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ለሁለተኛው፣ በሌላ አሥር ደቂቃ ለሥራ አስኪያጁ ይደወላል። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ በጣም የሚዘነጋው ሰው የቅርንጫፉን ቁልፍ የያዘው ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የነቃ የአይቲ ባለሙያ ጄኔሬተር ያለበትን ክፍል መክፈት ካልቻለ መንቃቱ ምን ይጠቅማል? ለፍሪጅ ጉዳይ የመጀመሪያው ተደዋይ ምናልባትም ከአይቲው ይልቅ ለቅርንጫፉ ቅርብ የሆነው ፋርማሲስት ወይም ጥበቃው ቢሆን የተሻለ ነው።

«ተቀብያለሁ» ማለትም መጨረሻ አይደለም። ሰው በእንቅልፍ ልቡ ነክቶት ተመልሶ ሊተኛ ይችላል። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው የሚዘጋው ሰው ስለነካው ሳይሆን ሙቀቱ ወደ ቦታው ስለተመለሰ ይሁን፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልተመለሰ ጥሪው ለዚያው ሰው ይደገምና ለሚቀጥለውም ይሂድ። የትንሣኤንና የገናን ሌሊት የመሰሉ ቀናትም አስቀድመው ይታሰቡ። ሰንሰለቱ ላይ ያሉት ሦስቱም ሰዎች ቤተ ክርስቲያን ገብተው ስልክ ያጠፉበት ሌሊት ሊኖር ይችላል፤ የተረኛ ዝርዝሩ ከየእምነቱ አንድ አንድ ሰው ቢኖርበት ይህ በቀላሉ ይፈታል።

ሰንሰለቱ መሐል ላይ ሲበጠስ ምን እንደሚሆን ለማየት የአሜሪካው የታርጌት ሱፐርማርኬት ታሪክ ይበቃል። በ2013 መጨረሻ ሌቦች ወደ መክፈያ ማሽኖቹ ሰርገው 40 ሚሊዮን ገደማ የካርድ ቁጥሮች ወሰዱ። ቢዝነስዊክ የተባለው መጽሔት በሚቀጥለው ዓመት እንደዘገበው፣ ኩባንያው የገጠመው የጥበቃ ሶፍትዌር ኖቬምበር 30 እና ዲሴምበር 2 ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ነበር። ሕንድ ባንጋሎር የነበረው ተከታታይ ቡድን አይቶ በሚኒያፖሊስ ላለው ዋና መሥሪያ ቤት አሳለፈው። እዚያ ደርሶ ቆመ። ሶፍትዌሩ ጎጂውን ፕሮግራም በራሱ መሰረዝ ይችል ነበር፤ ያ አማራጭ ግን ጠፍቶ ነበር። ኩባንያው ዝርፊያውን ያወቀው በዲሴምበር አጋማሽ የአሜሪካ መንግሥት ሲነግረው ነው። ከናይት ካፒታል የሚለየው ማስጠንቀቂያው መነበቡ ነው። ነገር ግን ካነበበው ሰው ወደ ወሰነ ሰው የሚያሻግር፣ መልስ ካልመጣም ከፍ ወዳለ ሰው የሚወስድ መንገድ አልነበረም።

ይህ ሁሉ ከተዘረጋ በኋላ መሥራት አለመሥራቱን የሚያሳየው በየሳምንቱ የሚሞላ አጭር ሠንጠረዥ ነው። በአንድ ረድፍ የማስጠንቀቂያው ስም፣ ቀጥሎ ስንት ጊዜ እንደጮኸ፣ ቀጥሎ ከእነዚያ ውስጥ ስንቱ ሰው አንድ ነገር እንዲያደርግ እንዳደረገ ይጻፋል። ዩፒኤሱ 14 ጊዜ ጮኾ አንድም ጊዜ ማንም ካልነካው ወደ «የመዝገብ» ይውረድ። ጎግል ሲስተሞቹን ስለሚጠብቁ መሐንዲሶች በ2016 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ አንድ ተረኛ በ12 ሰዓት ፈረቃ ውስጥ ሊያስተናግድ የሚገባው ቢበዛ ሁለት ችግር ነው ብሎ አስቀምጧል፤ ምክንያቱም ችግሩን መፍታት፣ መነሻውን መርምሮ መጻፍና እንዳይደገም ማድረግ ሰዓታት ይወስዳሉ። በሳምንት ከሁለት በላይ ቀስቃሽ ጥሪ የሚደርሰው ፋርማሲ ወይ ፍሪጆቹ መጠገን አለባቸው ወይ ደረጃው በስህተት ተተክሏል።

ሠንጠረዡ የማያሳየው ግን አለ፤ መጮኽ ሲገባው ያልጮኸው አይቆጠርም። እሱ የሚገኘው በመሞከር ብቻ ነው። በወር አንድ ጊዜ፣ ተረኛው ሳይነገረው፣ የአንድ ቅርንጫፍ የሙቀት መለኪያ ከነጠርሙሱ ከፍሪጁ ወጥቶ በረዶ ውስጥ ይቀመጣል። ከዚያ የሚታየው ስልኩ በስንት ደቂቃ እንደጮኸ፣ የመጀመሪያው ሰው ሳያነሳ ሲቀር ለሁለተኛው መደወሉ፣ ቁልፉ በእርግጥ በተባለው ሰው እጅ መኖሩ ነው። እንዲህ ባለ ሙከራ በብዛት የሚገኘው ስህተት ከሶፍትዌሩ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ሁለተኛ ተደዋይ ተብሎ የተመዘገበው ሠራተኛ ከወራት በፊት ሥራ ለቆ ሄዶ ይሆናል፣ ወይም የተረኛው ስልክ ሌሊት ከማያውቀው ቁጥር የሚመጣ ጥሪ እንዳይጮህበት ተደርጎ ይሆናል።